ፓምፑ ጠጠር የዋጠ ሲመስል፦ ደምበጫ ላይ «ሳክሽን 8 ሜትር» ለምን አይሠራም?

የውሃ ሞተር እየሠራ እያለ ድንገት ጠጠር የዋጠ ይመስል ሲንኮሻኮሽ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ፈታችሁ ብታዩት ግን አንዲት ጠጠር የለችም። ይሄ ድምፅ ካቪቴሽን ይባላል። በደጋው አገራችን ደግሞ ከቆላው ይልቅ ቶሎ ይመጣል። ዛሬ ለምን እንደሆነ እናያለን።

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ፓምፕ ውሃ «ይስባል» እንላለን እንጂ በትክክል ከሄድን አይስብም። ውስጡ የሚሽከረከረው ባለ ክንፍ ዲስክ (ኢምፔለር የሚሉት) ውሃውን ወደ ጎን ሲወረውር መሃሉ ላይ ግፊቱ ይወርዳል። ውሃውን ከወንዙ ወደዚያ የሚገፋው በላዩ ያለው አየር ነው። በስትሮ ለስላሳ ስትጠጡም የሚሆነው ይኸው ነው።

ችግሩ የአየሩ ጉልበት በየቦታው አንድ አለመሆኑ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ አየር ውሃን 10.3 ሜትር ያህል ሽቅብ መግፋት ይችላል። ደምበጫ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚህ ያለው 8 ሜትር ብቻ ነው። ከሁለት ሜትር በላይ ገና ከመጀመሪያው ተቀንሶብናል ማለት ነው።

አሁን እንቁጠር። ተምጫ ዳር ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ሞተር ተከልን እንበል። ካለን 8 ሜትር ላይ ቱቦውና የጫፉ ወንፊት በሰበቃ 1 ሜትር ያህል ይበላሉ። ፓምፑ ራሱ ያለችግር ለመሥራት፣ እንደየሞዴሉ ቢለያይም፣ 3 ሜትር ይፈልጋል ብለን እንያዝ። ውሃው እንዳይፈላ ደግሞ 0.2 ሜትር ይተዋል። የሚቀረን 3.8 ሜትር ነው። ፓምፑ ከውሃው በላይ ከዚህ ከፍ ብሎ መቀመጥ የለበትም። ያው ፓምፕ ባሕር ዳርቻ ቢሆን 6.1 ሜትር ይፈቀድለት ነበር።

ለዚህ ነው ብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ የተጻፈው «ሳክሽን 8 ሜትር» የሚያታልለው። ቁጥሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተሰጠ ነው። ደምበጫ ላይ 8 ሜትር ማለት አየሩ ያለው ጉልበት በሙሉ አለቀ ማለት ነው።

«እንዳይፈላ» ስንል ቀልድ አይደለም። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል የሚቆየው ውሃው ከ100 ዲግሪ በታች፣ ደምበጫ ላይ 93 ገደማ ሲደርስ ስለሚፈላ ነው። ግፊት በወረደ ቁጥር ውሃ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ኢምፔለሩ መሃል ግፊቱ እጅግ ከወረደ ቀዝቃዛው ውሃ ያለ እሳት ይፈላና አረፋ ይሠራል። አረፋው ትንሽ ሄዶ ግፊት ሲያገኝ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ በቅጽበት ይደረመስና ብረቱን ይመታል። የምንሰማው የዚያን ምት ድምፅ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ምቶች ሲደጋገሙ ኢምፔለሩ ነቀዝ እንደበላው እህል ይቦረቦራል።

ታኅሣሥ ላይ ደህና የነበረ ሞተር የካቲት ላይ መጮህ የሚጀምረውም በዚሁ ነው። ሞተሩ ካለበት አልተነቃነቀም፣ ወንዙ ግን ወርዷል። 3 ሜትር የነበረው ከፍታ 5 ይሆናል። ያኔ ብዙ ሰው ቱቦ ይቀጥላል፣ ባስ ሲል ያገኘውን ባለ 2 ኢንች ይቀጥላል። ይሄ ነገሩን ያከፋዋል፤ ያንኑ ያህል ውሃ በ2 ኢንች ሲያልፍ ሰበቃው ከ7 እጥፍ በላይ ይሆናል።

የቤንዚኑ ሞተር ድምፁን ስለሚሸፍነው ረጅም እንጨት ወይም ካቻቪቴ ጫፉን የፓምፑ አካል ላይ፣ ሌላውን ጆሯችሁ ሥር አድርጋችሁ አዳምጡ (ከሚሽከረከር ነገር ራቅ ብላችሁ!)። ከዚያ ነዳጁን ቀነስ አድርጉ። ኩሽኩሽታው ከረገበ ካቪቴሽን የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ውሃው እየተቆራረጠ፣ አየር እየተፋ የሚወጣ ከሆነ ግን መጀመሪያ የመሳቢያው ቱቦ መጋጠሚያ አየር እንዳያስገባ፣ ወንፊቱም ከውሃ በላይ ብቅ እንዳይል እዩ።

መፍትሔው ሞተሩን ወደ ውሃው ማውረድ ነው። ዳሩ ላይ እርከን ቆፍራችሁ አስቀምጡት፤ የመሳቢያው ቱቦ አጭርና ሰፊ ይሁን፣ ርዝመቱ በመግፊያው በኩል ይሁን። ወደ ላይ መግፋት ለፓምፕ ሥራው ነው፤ 20 ሜትር ሽቅብ መግፋት ለብዙዎቹ አያቅታቸውም። ወንፊቱን ከቅጠልና ከጭቃ አጽዱ። ውሃ ለመቀነስ ከፈለጋችሁ በመግፊያው በኩል እንጂ በመሳቢያው በኩል በፍጹም አትዝጉ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ውሃው እንደ ድሮው ካልመጣ ፓምፑን ፍቱና የኢምፔለሩን ክንፎች ውሃ በሚገባበት በኩል በጣታችሁ ዳስሱ። ጉድጓድ ጉድጓድ ካገኛችሁ መቀየር እንጂ ሌላ አያድነውም፤ አዲሱን ግን ሞተሩን ሳታወርዱ አትግጠሙት።