ደረት ሞላ ሲል፣ ትከሻው ሳይበላሽ

ከአንገት ወደ ታች የሚሠራ ራግላን ሹራብ ደረቷ ሞላ ላለ ሴት ሲታሰብ ብዙዎች ትልቁን ቁጥር ይመርጣሉ። ደረቱ ይበቃል፤ አንገቱና ትከሻው ግን ይንዘላዘላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከጡት በላይ፣ በብብት ሥር ተለክቶ መምረጥ ይሻላል። ትከሻው እንደ ንድፉ ይሠራል፤ ጭማሪው የሚገባው እጅጌዎቹ ከተለዩ በኋላ፣ ከፊት ብቻ ነው።

ፊቱ ከጀርባው 5 ሳንቲ ሜትር መርዘም አለበት እንበል። 10 ሳንቲ ሜትሩ 28 ረድፍ ከሆነ፣ 14 ረድፍ ያስፈልጋል። ጡቱ ላይ ሲደረስ፣ ጎኑ ጋ ሳይደርሱ እየታጠፉ መመለስ ነው፤ በየጎኑ 7 ጊዜ። መታጠፊያዎቹ በየተራው ጥቂት ዓይን ወደ ውስጥ ይግቡ፤ አንድ ቦታ ከተደራረቡ ያብጣሉ። ይህ ግን ርዝመት እንጂ ስፋት አይጨምርም፤ ደረቱ ላይ ከተወጠረ ከብብት በታች በፊቱ ጎኖች ዓይን ይጨመራል። ሲለበስ የፊቱ ጠርዝ ወደ ላይ ከተሰቀለ፣ ረድፉ አንሷል።