ፌኖባርቢታል ለምን ሦስት ሳምንት ይፈልጋል?

ፌኖባርቢታል የሚጥል በሽታን ለመቆጣጠር ይታዘዛል፤ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ርካሽ መድኃኒት ነው። እኔን ከርካሽነቱ በላይ የሚማርከኝ ግን አካሄዱ ነው። በአንዲት አጭር ቀመር ይያዛል፦

`dA/dt = R − kA`

A በሰውነት ውስጥ ያለው መጠን ነው፤ R በየዕለቱ የሚገባው፤ k የመውጫውን ፍጥነት ይወስናል። ጉበትና ኩላሊት የሚያስወግዱት በቀን ይህን ያህል ሚሊግራም ተብሎ የተቆረጠ ሳይሆን፣ ካለው ላይ የሚሰላ ድርሻ ነው። ቧንቧው እንደተከፈተ ሮቶ፣ ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር አወጣጡም ይበረታል።

በየማታው 100 ሚሊግራም የሚወስድ አዋቂ እናስብ። መድኃኒቱ በግማሽ ለመቀነስ 4 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ በማግስቱ ማታ 84 በመቶው ገና አለ። በሁለተኛው ማታ 184 ይሆናል፣ በአራተኛው 315፣ በስምንተኛው 470፣ በሃያኛው 610 ገደማ። ከዚያ 630 አካባቢ ይቆማል፤ የ630 16 በመቶ 100 ነውና የሚገባውና የሚወጣው ይተካከላሉ። ክብደቱ 60 ኪሎ ከሆነ ይህ በአንድ ሊትር ደም 17 ሚሊግራም ያህል ነው፤ የተለመደው ወሰን ከ10 እስከ 40 ነው።

ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ፣ አንድ ሰው በመስኮቱ «እህቴ አምስት ቀን ወስዳ አልተሻላትም፤ ሁለት ሁለት ትዋጥ?» ሲል ሰማሁ። ባለሙያዋ «አይ ወንድሜ፣ ገና መንገድ ላይ ናት» አለችው። ልክ ናት፤ በአምስተኛው ማታ 365 እንኳ አይሞላም። ብዙዎች መጠኑ ሲጨምር መድኃኒቱ ቶሎ የሚረጋ ይመስላቸዋል። የሚረጋበትን ጊዜ የሚወስነው ግን k እንጂ R አይደለም። ከአምስተኛው ማታ በኋላ እጥፍ ብትወስድ በሁለት ማታ 625 ትደርሳለች፤ ግን እዚያ አትቆምም፣ ሦስት ሳምንት ያህል እያዘገመች ወደ 1260 ትወጣለች። የመጀመሪያው ቀን ደህና ስለሚመስል ሰው ይዘናጋል፤ እንቅልፉና መንገዳገዱ የሚመጣው በኋላ ነው። በፍጥነት መሙላት ካስፈለገ ሐኪም አንድ ትልቅ የመነሻ መጠን ሰጥቶ፣ ትንፋሽን እየተከታተለ፣ ወደ ተለመደው ይመልሳል።

አንድ ማታ ቢዘለል መጠኑ 530 በሚሆንበት ሰዓት ወደ 445 ይወርዳል፤ ለሱ ብሎ እጥፍ መዋጥ አያስፈልግም። ጨርሶ ማቋረጥ ግን ሌላ ነው፦ በ12 ቀን ስምንት እጅ ያንሳል፣ በዚህ መካከል የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል።

ቀመሯ ለሁሉም መድኃኒት አትሠራም። ፌኒቶይን ለምሳሌ የጉበትን አቅም ስለሚያጣብብ ትንሽ ጭማሪ ብዙ ከፍ ያደርገዋል። ቁጥሮቹም ሰው በሰው ይለያያሉ፦ ልጆች በፍጥነት ያስወግዳሉ፣ ቫልፕሮዬት አብሮ የሚወስድ በዝግታ። ስለዚህ «አልሠራም» ብላችሁ ከመጨመራችሁ ወይም «ድኛለሁ» ብላችሁ ከማቆማችሁ በፊት፣ እባካችሁ ያዘዘላችሁን ባለሙያ ጠይቁ።