የማርሽማሎው መልስ ስንት ያገኛል?

ለሥነ ልቦና የምርምር ዘዴ ፈተና የማርሽማሎው ጥናት የተመቸ ነው። የስታንፎርዱ ዋልተር ሚሸል እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲው መዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ለየብቻ እያስቀመጠ ምርጫ ይሰጣቸው ነበር፦ አንድ ጣፋጭ አሁኑኑ፣ ወይም ከታገሡ ሁለት። በ1990 የወጣው ክትትል ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜ የጠበቁት ልጆች፣ ካደጉ በኋላ በአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳየ።

ስለዚህ ክትትል የተጠየቀ አንድ ተማሪ እንዲህ መለሰ እንበል፦ «ነጻ ተለዋዋጩ የጥበቃ ጊዜ፣ ጥገኛ ተለዋዋጩ የፈተና ውጤት ነው። ጊዜው በሰዓት ስለተለካ ጥናቱ ተገቢነት አለው። ናሙናው ትንሽ ስለሆነ አድልዎ አለበት።»

መልሱ ሲነበብ የተጠና ይመስላል። ችግሩ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። በሙከራ ውስጥ ነጻ ተለዋዋጭ የሚባለው አጥኚው ራሱ የሚቀያይረው ነገር ነው። ሚሸል በቀደሙት ሙከራዎቹ የቀያየረው ጣፋጩ ለልጁ መታየት አለመታየቱን ነበር፤ የጥበቃው ጊዜ እዚያ ጥገኛ ተለዋዋጭ ነው። በ1990ው ክትትል ግን ማንም ምንም አልቀየረም፤ ሁለት ልኬቶች ተነጻጸሩ እንጂ። ይህ ተዛምዶ ነው፤ ትዕግሥት ውጤትን አመጣ ለማለት አያበቃም። ሁለቱን ነገሮች በትክክል ለይቷልና ለጋስ አራሚ ግማሽ ነጥብ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው። ሰዓት ጊዜን በትክክል መለካቱ የሚነካው አስተማማኝነትን ነው። ተገቢነት የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ እነዚያ ደቂቃዎች የሚለኩት በእርግጥ ራስን መግዛትን ነው? ሰለስት ኪድና ባልደረቦቿ በ2013 ባወጡት ጥናት 28 ልጆችን ለሁለት ከፈሉ። ለአንዱ ቡድን የተሻለ የሥዕል ዕቃ እንደሚመጣለት ቃል ተገብቶ ተፈጸመለት፤ ለሌላው ቃሉ ታጠፈ። ከዚያ ማርሽማሎው ቀረበ። ቃል የተከበረላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ሲጠብቁ፣ የተዋሹት 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ቆዩ። የተዋሸ ልጅ ፈጥኖ ቢበላ ጅል አይደለም። ሰዓቱ ትክክል ነበር፤ የለካው ግን ቢያንስ በከፊል እምነትን ነው። ለዚህ ክፍል ዜሮ።

ሦስተኛውን ብዙ ተማሪ ይስታል። ናሙና ትንሽ ሲሆን ግምቱ ይዋዥቃል፤ አድልዎ ግን ወደ አንድ ወገን ማጋደል ነው፣ ቁጥር ቢበዛም አይድንም። እዚህ ያጋደለው ምንጩ ነው፦ በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ የተማሩ ቤተሰቦች ልጆች። በዚያ ላይ ከ653ቱ ልጆች ለክትትሉ መልስ የተገኘው ስለ 185ቱ ብቻ ነው፤ ዝም ያሉት ወላጆች ከመለሱት የተለዩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን የጻፈ ሙሉ ነጥብ ይወስዳል። የ2018ቱን የታይለር ዋትስና የባልደረቦቹን ጥናት ከጨመረማ አራሚው ደስ ይለዋል። እነሱ 918 ልጆችን ይዘው፣ እናቶቻቸው ኮሌጅ ባልጨረሱት ላይ አተኮሩ። ግንኙነቱ በ1990 ከታየው ወደ ግማሽ ወረደ፤ የቤተሰብ ሁኔታና የልጁ የቀድሞ ችሎታ ሲታሰብ ደግሞ ከቀረውም ሁለት ሦስተኛው ጠፋ።