ነጩ ቀሚስ ለምን ቢጫ ወጣ?

የመልስ ዕለት ማታ ቤት ውስጥ የተነሱ ፎቶግራፎችን ልብ ብለው ይመልከቱ። የሙሽራዋ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ቢጫ ሆኗል፤ የእንግዶቹ ፊት ወደ ብርቱካን አድልቷል። ቀን ላይ መስኮት አጠገብ የተነሱት አዛውንት ጋቢ ደግሞ ሰማያዊ መስሏል። በቦታው ለነበረ ሰው ግን ቀሚሱም ጋቢውም ነጭ ነበሩ።

ምክንያቱ ዓይናችን መብራቱን ስለሚለምድ ነው። ቢጫ አምፖል ያለበት ክፍል ገብተን ጥቂት ስንቆይ አእምሯችን ቢጫውን ቀንሶ ነጩን ነጭ አድርጎ ያሳየናል። ካሜራ ግን የመጣለትን ብርሃን እንዳለ ይመዘግባል፤ ይህን ልምድ የሚተካለት ዋይት ባላንስ የተባለው ማስተካከያ ነው።

የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል 2,700 ገደማ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ወደ 5,500 ይጠጋል፤ ነጣ ብሎ የሚታየው ኤልኢዲ አምፖል ብዙ ጊዜ 6,500 ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይቢጫል፣ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አምፖል ሲገዙ ካርቶኑ ላይ 2700K ወይም 6500K የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ።

ብዙ ጀማሪዎችን የሚያደናግረው ግን ካሜራው ላይ ቁጥሩ የሚሠራበት መንገድ ነው። ካሜራውን 2,700 ላይ ሲያደርጉት «ያለሁበት ብርሃን ቢጫ ነው» እያሉት ነው፤ እሱም ሰማያዊ ጨምሮ ያካክሰዋል። በዚያው ክፍል 5,500 ላይ ቢተዉት ሥዕሉ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ሥዕሉ ከቢጫ እንዲወጣ ቁጥሩ ይቀነሳል፣ ከሰማያዊ እንዲወጣ ይጨመራል። በብዙ ስልኮች ላይም Pro የሚለውን ሲመርጡ WB በሚለው ሥር ይህንኑ ያገኛሉ።

ካሜራው በራሱ እንዲገምት የሚያደርገው AWB ከቤት ውጭ ደኅና ነው። በቢጫ አምፖል ሥር ግን ብዙ ጊዜ አቅሙ ያጥረዋል። ክፍሉ ውስጥ ቀይ መጋረጃ ወይም አረንጓዴ ግድግዳ ሰፊ ቦታ ከያዘም ያንን የመብራቱ ቀለም መስሎት ይሳሳታል። ከሁሉ የሚከፋው ግምቱ ከፎቶ ፎቶ መለዋወጡ ነው፤ አንዱ ቀሚስ በአንድ አልበም ውስጥ ሦስት ዓይነት ይሆናል።

አስተማማኙ መንገድ ነጩን ለካሜራው ማሳየት ነው። አንድ ነጭ ወረቀት፣ ቢቻል ለዚሁ የተሠራ ግራጫ ካርድ፣ ሙሽራዋ በምትቀመጥበት ቦታ ፊቷ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ይያዝ። ወረቀቱ የሥዕሉን መሐል እንዲሞላ ተጠግተው ያንሱት። የእርስዎ ጥላ አይረፍበት፤ በጣም ነጥቶ ዝርዝሩ ከጠፋም ልኬቱ ይበላሻልና ብርሃኑን ቀንሰው ይድገሙ። በካኖን ካሜራ ያንን ፎቶ በሜኑው ውስጥ ለ Custom WB መርጠው ዋይት ባላንሱን ወደዚያ ይቀይሩታል፤ በኒኮን PRE የሚለው ነው። ከዚህ በኋላ መብራቱ እስካልተቀየረ ድረስ አይንኩት። ሌላ ክፍል ሲገቡ ግን ልኬቱ ከዜሮ ይጀመራል።

ይህም የማይፈታው ችግር አለ። የምሽቱ አምፖል ከቀኑ የመስኮት ብርሃን ጋር ሲገናኝ የፊት አንዱ ጎን ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል። አንዱን ሲያቀኑ ሌላው ይብሳል፤ አንድ ልኬት የሚያገለግለው አንድ ዓይነት ብርሃን ብቻ ነውና። እዚህ ላይ መፍትሔው ካሜራው ላይ የለም፤ አምፖሉን ማጥፋት ወይም መጋረጃውን መዝጋት ነው። እኔ ቀን ከሆነ አምፖሉን ማጥፋት እመርጣለሁ፤ የመስኮት ብርሃን የፊትን ቀለም የበለጠ ያከብራል። ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ ደግሞ አረንጓዴ ስለሚጨምሩ ኬልቪን ብቻውን አይበቃም፤ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ላይ Tint የሚለውን ወደ ሐምራዊ መግፋት ያስፈልጋል።

ፎቶው በ RAW ከተነሳ ዋይት ባላንሱን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ያለ ጉዳት መቀየር ይቻላል። በ JPEG ግን ካሜራው ቀለሙን ወስኖ የቀረውን ስለጣለው፣ በጣም የቢጫን ሥዕል በግድ ማቅናት ጥላው ውስጥ ሻካራ ነጠብጣብ ያወጣል፤ የፊት ቀለምም አመድ ይመስላል።

ሁሉም ቢጫ ግን ስሕተት አይደለም። የጧፍ ብርሃን 1,900 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ ጨርሰው ቢያነጡት ሌሊቱ ሌሊት መምሰሉን ያጣል። እዚያ ላይ ቢጫውን በከፊል ብቻ ይቀንሱ። ለሠርግና ለክርስትና ፎቶ የሚያነሱ ከሆነ ግን ቦርሳዎ ውስጥ አንድ ግራጫ ካርድ ይያዙ፣ እንግዶቹ ሳይገቡም ይለኩ።