ቆርጦ ማለፍ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 በወጣው «ላውረንስ ኦፍ አረቢያ» ፊልም ውስጥ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሚያነሱት አንድ ቅጽበት አለ። ፒተር ኦቱል የሚጫወተው ላውረንስ ካይሮ ውስጥ በአንድ ባለሥልጣን ቢሮ ቆሞ የሚነድ ክብሪት ይዟል። እፍ ይለዋል። ወዲያው ማያውን ፀሐይ ልትወጣበት ያለ የበረሃ አድማስ ይሞላዋል። በሁለቱ ምስሎች መካከል ምንም ነገር የለም።

በጽሑፉ ላይ የታቀደው ግን ሌላ ነበር። የክብሪቱ ምስል እየደበዘዘ ሲሄድ የበረሃው ምስል በላዩ ላይ እየደመቀ እንዲመጣ፣ ማለትም ዲዞልቭ እንዲሆን ነበር የታሰበው። ያን ጊዜ ዲዞልቭ የሚሠራው በላቦራቶሪ ነው። ኤዲተሯ ገና በሥራ ላይ ባለው ቅጂ ሁለቱን የፊልም ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ታጣብቃለች፣ ዲዞልቩ የሚገባበትን ቦታ በእርሳስ ታመለክታለች፣ ከዚያ ትጠብቃለች። ኤዲተሯ አን ኮትስና ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊን ያንን ያላለቀ ቅጂ ሲያዩት የክብሪቱ እሳትና በረሃው በቀጥታ ተገናኝተው አገኟቸው፤ ወደዱትም። ሊን ትንሽ እንዲስተካከል ጠየቀ፤ ኮትስ ሁለት ፍሬም ያህል ቀነሰች። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚሄድ ይህ ከሰከንድ አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ ነው። ዲዞልቩ በዚያው ቀረ። ኮትስም በዚህ ፊልም የኤዲቲንግ ኦስካር ተሸለመች።

ከቱ ለምን በለጠ? ዲዞልቭ ለተመልካች የሚነግረው አንድ ነገር አለ፦ ጊዜ አልፏል፣ መንገድ ተሄዷል። እዚህ ቦታ ላይ ቢገባ ኖሮ «ላውረንስ ተጉዞ በረሃ ደረሰ» ብለን እንረዳ ነበር። ከቱ ግን ጉዞውን አያሳየንም። እፍታውና የንጋቱ ሰማይ ስለተጋጠሙ በረሃውን የጠራው የሰውየው ትንፋሽ ይመስለናል፤ ልቡ ቀድሞ እዚያ እንደነበረም ሳይነገረን እናውቃለን።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ለኮትስ ወጪና ቀናት የሚጠይቀው ዲዞልቭ ነበር። አሁን በስልክ ላይ ባለው ካፕካት አንድ ትራንዚሽን መርጦ በአንድ ንክኪ በሁሉም መጋጠሚያዎች ላይ ማድረግ ይቻላል። እኔ እንደማየው ብዙ ቪዲዮዎች የሚበላሹት በዚያች ንክኪ ነው።

የሠርግ ቪዲዮ እንውሰድ። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር የሙሽራዋ ቤት በር ላይ ደርሷል። ልጃገረዶቹ እየዘፈኑ አናስገባም ብለው በሩን ይዘዋል። ሙሽራዋ በውስጠኛው ክፍል ተቀምጣ ጩኸቱን ትሰማለች። ሁለት ካሜራ ቀርጿል እንበል፦ አንዱ ከደጅ፣ አንዱ ከጓዳ። የዚህ ትዕይንት ጣዕም ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጊዜ መሆናቸው ነው። ሚዜው በሩን ሲገፋ ወደ ሙሽራዋ ፊት በቀጥታ ቢቆረጥ፣ እሷም ቀና ስትል ወደ በሩ ቢመለስ፣ ቀና ያለችው ግፊያውን ሰምታ እንደሆነ ተመልካቹ ያለማንም እርዳታ ይገባዋል። በመካከላቸው ዲዞልቭ ሲገባ ግን ምስሉ «ከጥቂት ጊዜ በኋላ» ይላል። በሩ ላይ ያለው ግርግር ያለቀ ይመስላል፤ ሙሽራዋም ስለ ሌላ ነገር የምታስብ ትሆናለች። ልብ ቅርጽ ያለው ወይም እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለበጥ ኢፌክት ከሆነ ደግሞ ባሰ፤ ተመልካቹ ሙሽራዋን ትቶ ኢፌክቱን ያያል።

ሌላም ጉዳት አለ፣ ይኼኛው በሂሳብ የሚታይ ነው። የሦስት ደቂቃ የዘፈን ክፍል በ60 ምስሎች ተሠርቷል እንበል፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ ይደርሰዋል። በሁሉም መጋጠሚያ ላይ የአንድ ሰከንድ ዲዞልቭ ሲጨመር እያንዳንዱ ምስል በመግቢያው ግማሽ፣ በመውጫው ግማሽ ሰከንድ ከጎረቤቱ ጋር ይደባለቃል። ጥርት ብሎ የሚታየው ለሁለት ሰከንድ ብቻ ነው። ከሦስቱ ደቂቃ አንዱ ደቂቃ ያህል ሁለት ምስል ተደራርቦ፣ አንዱም በደንብ ሳይታይ ያልፋል። እስክስታ ከሆነ ደግሞ ትከሻው ከከበሮው ምት ጋር የሚገጥምባት ቅጽበት በዚያ ድብልቅ ውስጥ ትጠፋለች። ቪዲዮው በኢንተርኔት ሲጫን ተጨማሪ ችግር ይመጣል፦ መጠኑ የሚቀነሰው ከፍሬም ፍሬም ያልተለወጠውን ወይም ቦታ ብቻ የቀየረውን ነገር ደግሞ ባለመመዝገብ ነው፤ በዲዞልቭ ወቅት ግን መላው ምስል በአንድ ጊዜ ስለሚለወጥ ምስሉ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ሊፈራርስ ይችላል።

ታዲያ ሰዎች ዲዞልቭን ለምን ይወዳሉ? አብዛኛውን ጊዜ መጥፎ ከት ለመሸፈን ይመስለኛል። አንድ አዛውንት በቃለ መጠይቅ መካከል ሳል ይዟቸው ንግግራቸው ተቋርጧል። ሳሉን ቆርጠን ስናወጣ ጭንቅላታቸው በድንገት ከግራ ወደ ቀኝ ይዘላል። ኤዲተሩ ይደነግጥና ዲዞልቭ ያስገባል። ውጤቱ ለአንድ ሰከንድ አራት ዓይንና ሁለት አፍ ያላቸው አዛውንት ነው! ዝላዩ የመጣው ሁለቱ ምስሎች በጣም ስለሚመሳሰሉ ነው፤ ፍቱኑም ማለያየት ነው። ንግግራቸው እየቀጠለ መቋሚያ የያዘውን እጃቸውን ወይም ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ማሳየት ይቻላል። ሌላ ምስል ካልተቀረጸ ሁለተኛውን ክፍል ፊታቸው ቀረብ እስኪል ማጉላት ነው፤ ቀረጻው በ4ኬ ሆኖ ቪዲዮው በ1080 የሚወጣ ከሆነ እስከ እጥፍ ድረስ ጥራቱ ሳይወርድ ይጎላል። ሁለቱም ካልሆነ ዝላዩን እንዳለ መተው ከዲዞልቩ ይሻላል። ጎዳር በ1960 ባወጣው «አ ቡ ደ ሱፍል» ፊልሙ እንዲህ ያሉ ዝላዮችን አውቆ ትቷቸዋል።

ዲዞልቭ ቦታ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የሙሽራዋ እናት የራሳቸውን የድሮ የሠርግ ፎቶ ይዘው ሲያዩ ከፎቶው ወደ ዛሬዋ ሙሽራ በዲዞልቭ ቢኬድ፣ የሁለቱ ፊቶች መደራረብ ራሱ የሚናገረው አለ። ያን ጊዜም ፊቶቹ በማያው ላይ አንድ ቦታ እንዲያርፉ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ አለዚያ የአንዷ ዓይን በሌላዋ ጉንጭ ላይ ይወድቃል። ከቀረጻው ላይም ትርፍ መተው ግድ ነው። የሁለት ሰከንድ ዲዞልቭ የመጀመሪያው ምስል ከመቁረጫው በኋላ አንድ ሰከንድ፣ ሁለተኛው ከመቁረጫው በፊት አንድ ሰከንድ እንዲኖረው ይፈልጋል። ካሜራማኑ ቶሎ አጥፍቶ ከሆነ አንዳንድ ሶፍትዌር የመጨረሻዋን ፍሬም ስለሚደጋግም ሰውየው በእንቅስቃሴው መሃል ድርቅ ሊል ይችላል።

የትኛው የት እንደሚገባ ለማወቅ ያለኝ ዘዴ አንድ ነው። ትራንዚሽኑን ሁሉ አውጥቶ ቪዲዮውን በባዶ ከት ማየት፣ ቢቻል ሠርጉ ላይ ላልነበረ ሰው ማሳየት። ያ ሰው «ይሄ መቼ ነው?» ወይም «አሁን የት ናቸው?» ብሎ ከጠየቀ እዚያ ቦታ ላይ ዲዞልቭ ሊያስፈልግ ይችላል። ካልጠየቀ ከቱ ሥራውን ሠርቷል። የሻከረ የመሰለውንም መጋጠሚያ ሳይሸፍኑ በፊት ሁለት ሦስት ፍሬም ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መግፋት ነው፤ እጅ ገና መነሳት ሲጀምር መቁረጥና ተነስቶ ካለቀ በኋላ መቁረጥ በጣም ይለያያል።

ድምፁ ላይ ግን ሕጉ ይለወጣል። ድምፅ እንደ ምስል በቀጥታ ሲቆረጥ «ቀጭ» የሚል ነገር ሊሰማ ይችላል፣ የክፍሉ ድባብም በድንገት ይለወጣል። ስለዚህ ምስሉ ባዶ ከት ሆኖ ድምፁን በጥቂት ፍሬም ማደባለቅ የተለመደ ነው። ከዚያም አልፎ የሚቀጥለውን ቦታ ድምፅ ማስቀደም ይቻላል፦ ሙሽራዋ ጓዳ ውስጥ ሳለች የመኪኖቹን ክላክስ ግማሽ ሰከንድ አስቀድሞ ማሰማት፣ ከዚያ ወደ መንገዱ መቁረጥ። ብዙዎች ከዲዞልቭ የሚፈልጉት ልስላሴ የሚገኘው ከዚህ ነው፤ ምስሎቹም ሳይነኩ ይተርፋሉ።