አንዱ ደንበኛ ሦስት ሆኖ እንዳይመዘገብ

በሰቆጣ ማር የሚሸጥ አንድ ነጋዴ የአንዱን ደንበኛ ቁጥር በሦስት ቦታ ይዞት ሊሆን ይችላል። በሲም ካርዱ «ከበደ»፣ በጂሜይሉ «Kebede»፣ በኮምፒውተር ባለው የደንበኞች ዝርዝር ደግሞ ከነአባት ስሙ። ሦስቱ ሲቀላቀሉ አንዱ ሰው ሦስት ሆኖ ይወጣል።

ስሙ በሁለት ፊደል ሲጻፍ ስልኩ አንድነቱን አይለይም። የባሰው ጣጣ ግን ከቁጥሩ ይመጣል። የሠንጠረዥ ፕሮግራም በ09 የሚጀምርን ቁጥር እንደ ሒሳብ ቆጥሮ ዜሮውን ይጥላል፤ በዚያ ቁጥር ደግሞ ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ የቁጥሩን ዓምድ አስቀድሞ «Text» ማድረግ፣ ከዚያም ሁሉንም +251 ብሎ ዘጠኙን አኃዝ አስከትሎ መጻፍ ይገባል።

በሲም ብቻ ያለው ቁጥር ወደ ጂሜይል ስለማይሄድ አስቀድሞ ወደዚያ ይዛወራል። የተስተካከለው ዝርዝር አንድ ጊዜ ብቻ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው እርማት ሁሉ በጂሜይሉ ላይ ይሆናል።

በመጨረሻም በጉግል የስልክ መዝገብ ውስጥ ያለው «Merge & fix» ተመሳሳዮቹን ያሳያል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀበል ግን አይበጅም፤ ባልና ሚስት በአንድ ስልክ ሲጠቀሙ ሁለት ደንበኞች ወደ አንድ ሊጠቀለሉ ይችላሉ። ይህ ከተፈጠረ በኮምፒውተር contacts.google.com ከፍቶ በ«Undo changes» መዝገቡን እስከ 30 ቀን ወደኋላ መመለስ ይቻላል።