ዲዞልቩ የበላው እንባ

እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» ፊልም ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ካይሮ በሚገኝ ቢሮ ቆሞ የሚነድ ክብሪት ይዟል። ነበልባሉን ትኩር ብሎ ያየውና እፍ ይለዋል። ወዲያው በረሃው ስክሪኑን ይሞላዋል፤ ከአድማሱ ጫፍ ፀሐይ ልትወጣ ነው። ቢሮው ሄደ፣ በረሃው መጣ፤ በመካከላቸው ምንም ነገር አልገባም።

እስክሪፕቱ ላይ የታቀደው ግን ዲዞልቭ ነበር፤ ክብሪቱ ቀስ እያለ ሲደበዝዝ በረሃው በላዩ ላይ እየጎላ እንዲመጣ። በዚያን ጊዜ ዲዞልቭ የሚሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ኤዲተሯ አን ኮትስ ቦታውን ፊልሙ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋ ሁለቱን ቁራጮች ለጊዜው እንዲሁ አያያዘቻቸው። እሷና ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊን የተያያዘውን ሲያዩት ምንም ሳይጨመርበት የበለጠ ኃይል እንዳለው ተረዱ። ዲዞልቩ ቀረ። ኮትስ በዚህ ፊልም የኤዲቲንግ ኦስካር ተሸልማለች። በኋላ ስለዚያ ቅጽበት ስትናገርም፣ በዲጂታል ቢሠሩ ኖሮ ዲዞልቩ ገና ከመጀመሪያው ስለሚገባ ሁለቱን ሾቶች በቀጥታ ተያይዘው የማየት ዕድል እንደማያገኙ ገልጻለች።

ዛሬ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ሁሉ ያለው በዚያ ዲጂታል ዓለም ውስጥ ነው። ዲዞልቭ፣ ገጽ የሚገለብጥ፣ በልብ ቅርጽ የሚከፈት፣ እየተሽከረከረ የሚገባ ትራንዚሽን ሁሉ ከሶፍትዌሩ ተጎትቶ የሚለጠፍ ሆኗል። ዋጋ ስለማያስከፍልም በየመገጣጠሚያው ይለጠፋል። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ብዙዎቻችን ቤት ባለው ቪዲዮ ላይ ነው፤ በሰርግ ቪዲዮ።

አንድ የታወቀ ትዕይንት እንውሰድ። ሙሽሪት ከቤት ከመውጣቷ በፊት የወላጆቿን ጉልበት ትስማለች። ኤዲተሩ እጅ ላይ ሦስት ሾቶች አሉ። በመጀመሪያው ሙሽሪት ወደ አባቷ ጉልበት ጎንበስ ስትል ከራቅ ብሎ ይታያል። በሁለተኛው የአባትየው እጅ ጭንቅላቷ ላይ አርፎ ሲመርቋት በቅርብ ይታያል። ሦስተኛው የእናትየው ፊት ነው፤ እንባቸው ሊወርድ ነው።

ኤዲተሩ በሦስቱ መካከል የአንድ ሰከንድ ዲዞልቭ አስገባ እንበል። ቪዲዮው በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ፣ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ 25 ፍሬሞች የሁለት ምስል ድብልቅ ይሆናሉ። ዲዞልቩ ብዙውን ጊዜ መገጣጠሚያው መሃል ላይ ስለሚቀመጥ ከእያንዳንዱ ሾት ግማሽ ግማሽ ሰከንድ ይወስዳል። የአባትየው እጅ የሚታየው ለሁለት ሰከንድ ቢሆን፣ ግማሽ ሰከንድ ከፊት፣ ግማሽ ከኋላ ይሄድና ጥርት ብሎ የሚታየው አንድ ሰከንድ ብቻ ይሆናል። የእናትየው ዓይን እንባ የሚያቀርበው በሾቱ የመጀመሪያ ቅጽበት ከሆነ ደግሞ ያ ቅጽበት በአባትየው እጅ ምስል ተሸፍኖ ያልፋል።

የባሰው ጉዳት ግን ትርጉም ላይ የሚደርሰው ነው። ተመልካች ከብዙ ፊልም የተማረው ነገር አለ፤ አንዱ ምስል ቀስ ብሎ በሌላው ሲተካ «ጊዜ አለፈ» ወይም «ቦታ ተቀየረ» ብሎ ይረዳል። ስለዚህ በአባትየው እጅና በእናትየው ፊት መካከል ዲዞልቭ ሲገባ፣ እናትየው ያዘኑት ልጃቸው በተመረቀችበት ቅጽበት መሆኑ ይጠፋል፤ ሌላ ጊዜ፣ ምናልባትም ሌላ ክፍል ውስጥ ያለቀሱ ይመስላል። በቀጥታ ሲቆረጥ ግን እጁ ያርፋል፣ ወዲያው ፊቱ ይመጣል፤ አንዱ የሌላው ምክንያት ይሆናል። ምክንያትና ውጤት የሚያያዙት በቅርበት ስለሆነ፣ በመካከላቸው የገባ ሰከንድ ሁሉ ያላላቸዋል።

ታዲያ በቀጥታ ሲቆረጥ ዓይን አይደነግጥም ወይ? አሜሪካዊው ኤዲተር ዋልተር መርች እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውን «ዘ ኮንቨርሴሽን» ሲያቀናብር አንድ ነገር አስተዋለ። ሾቱን ለመቁረጥ የሚመርጠው ቦታ ተዋናዩ ጂን ሃክማን ዓይኑን ከሚያርገበግብበት ቅጽበት ጋር ደጋግሞ ይገጣጠም ነበር። ሰው ዓይኑን የሚያርገበግበው አንድ ሐሳብ ጨርሶ ወደ ሌላው ሲሻገር ጭምር ነው የሚል እምነት ከዚህ ተነስቶ አዳበረ። ሐሳብ ባለቀበት ቦታ የተቆረጠ ሾት ተመልካቹን አያስደነግጠውም፤ እሱም ሊሻገር ነበርና። በዚህ መሠረት የጉልበት ስሙ ትዕይንት መቆረጫው ግልጽ ነው። ሁለት ካሜራ ከነበረ ሙሽሪት ጎንበስ ማለት ስትጀምር ከራቅ ብሎ ይታይና፣ እንቅስቃሴው ሳያልቅ ወደ ቅርቡ ይቆረጣል። ዓይን እንቅስቃሴውን ስለሚከተል መቆረጡን ልብ አይለውም።

አንዳንዴ ቀጥታ ከት በእርግጥ ሻካራ ይሆናል። ያኔ ዲዞልቭ ከመለጠፍ በፊት የሻከረውን ነገር መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ድምፅ ላይ ነው። የአንዱ ሾት ጫጫታ ድንገት ተቋርጦ የሌላው ጸጥታ ሲተካ ተመልካች ይነቃል፤ ኤዲተሩ ግን ምስሉ ያስቸገረ ይመስለዋል። ሙከራው ቀላል ነው፤ ድምፁን አጥፍቶ መገጣጠሚያውን ማየት። ያለ ድምፅ ካልሻከረ ምስሉ ደህና ነው ማለት ነው። መፍትሔውም የአባትየው ምርቃት ሳይቋረጥ በእናትየው ፊት ላይ እንዲቀጥል ማድረግ ነው። ዓይን ቢሻገርም ጆሮ ባለበት ስለሚቆይ ሁለቱ ሾቶች አንድ ትዕይንት ሆነው ይታያሉ።

ሌላው የሻካራነት ምክንያት ሁለቱ ሾቶች እጅግ መመሳሰላቸው ነው። አንድ ሽማግሌ ሲናገሩ በአንድ ካሜራ ተቀርጾ መሃሉ ቢቆረጥ፣ ጭንቅላታቸው ድንገት ይዘላል። ብዙዎች ይህን በዲዞልቭ ሊሸፍኑት ይሞክራሉ፤ ውጤቱ ለአንድ ሰከንድ ሁለት አፍ ያለው ፊት ነው። እዚህ ቦታ የሚረዳው ሌላ ሾት ነው፤ የአድማጮች ፊት ወይም የሽማግሌው እጅ። ለዚህም ቀራጩ ንግግሩ እየቀጠለ ሳለ እንዲህ ያሉ ምስሎችን ቀድሞ መያዝ አለበት፤ ካልተያዙ ኤዲተሩ ከየትም አያመጣቸውም።

ዲዞልቭ ግን ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው «አፖካሊፕስ ናው» ሲከፈት የሚነደው ጫካ፣ የሄሊኮፕተሮቹ ጥላ፣ የሆቴሉ ማራገቢያና የወታደሩ ፊት ተደራርበው ይታያሉ። ሰውየው አካሉ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ አእምሮው ግን ጦርነቱን አልለቀቀም። ይህን ለመናገር ሁለት ምስል በአንድ ጊዜ መታየት አለበት፤ ቀጥታ ከት ይህን ማድረግ አይችልም። በሰርጋችንም ሙሽሪት ቤቷን ለቃ መኪና ውስጥ በመስኮት ስታይና የአዳራሹ መብራት ሲመጣ፣ በመሃል ሰዓታት አልፈዋል፤ አንድ ረጋ ያለ ዲዞልቭ እዚያ ሥራ ይሠራል። ኃይል የሚኖረው ግን ከሱ በፊት የነበሩት መገጣጠሚያዎች በቀጥታ የተቆረጡ ከሆኑ ነው። ከሱ በፊት ሠላሳ ዲዞልቭ ያየ ተመልካች ሠላሳ አንደኛውን እንደ ምልክት አያነበውም።

የሚሽከረከረውና የልብ ቅርጹ ኢፌክት ደግሞ ከዲዞልቭም በላይ መጠንቀቅ ይፈልጋል፤ ዓይን ከሙሽሪት ፊት ተነስቶ ወደ ቅርጹ ይሄዳልና። እንዲህ ያለው ነገር ለጨዋታና ለጭፈራ ክፍል ሊስማማ ይችላል። ጉልበት ስሞሽ ላይና ምርቃት ላይ ግን የሰዎቹን ቦታ ይወስዳል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቅንብር አን ኮትስ ባላሰበችው መንገድ እንዳየችው አድርጎ መሥራት ይሻላል። ሁሉንም ሾት በቀጥታ ከት ብቻ አያይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየት። የሻከረ ቦታ ሲገኝ ድምፁን ማጥፋት፣ ሾቱን ጥቂት ፍሬም ማሳጠር ወይም ማስረዘም፣ ሌላ ሾት መፈለግ። ከዚያ በኋላ ዲዞልቭ የሚገባው «እዚህ ጋ ጊዜ አልፏል» ወይም «ሁለቱ ምስሎች አብረው መታየት አለባቸው» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያቱ ሊነገር በሚችልበት ቦታ ብቻ ነው። ምክንያቱ «ባዶ መሰለኝ» ከሆነ፣ መገጣጠሚያው ባለበት ይቆይ።